ክፍያውም የመክፈያ ጊዜውም አብረው ሲቀየሩ ለወላጅ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ ረቂቄን እዩልኝ

ርዕሰ መምህርት (ከአዲስ አበባ) | ግንቦት 20፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። ግንቦት 9 ከወላጆች ጋር ተሰብስበን ስለ 2019 ክፍያ ተነጋግረናል፣ ቃለ ጉባኤም ተይዟል። አሁን የቀረኝ ደብዳቤው ነው። እስካሁን ወላጅ በየወሩ 2,400 ብር ነበር የሚከፍለው፣ በዓመት 10 ወር። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ወርኃዊው ቀርቶ በዓመት አራት ጊዜ እንዲከፈል፣ መጠኑም 20 በመቶ እንዲጨምር ነው የተያዘው። ረቂቄ ይኸውና፦

> ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች
>
> ጉዳዩ፦ የትምህርት ክፍያ ማሻሻያን ይመለከታል
>
> እስካሁን ላደረጋችሁልን ትብብር በቅድሚያ ምስጋናችንን እናቀርባለን። እንደሚታወቀው በአሁኑ ወቅት የሚታየው የዋጋ ንረት በትምህርት ቤታችን ላይ ከፍተኛ ጫና በማሳደሩ፣ ከ2019 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ወርኃዊ ክፍያ ቀርቶ በየተርሙ 7,200 ብር እንዲሆን ተወስኗል። ክፍያው ነሐሴ 25፣ ኅዳር 10፣ የካቲት 1 እና ሚያዝያ 10 ይፈጸማል። በወቅቱ በማይከፍል ወላጅ ላይ 10 በመቶ ቅጣት የሚጣል መሆኑን እናሳስባለን።
>
> ከሰላምታ ጋር

ያሰጋኝ ነገር ቢኖር፣ በስብሰባው ያልተገኘ ወላጅ ይህን ሲያነብ ምን ይላል የሚለው ነው። ቃላቱን አለስልሱልኝ፣ ወይም የጎደለውን ንገሩኝ።

የሁለት ልጆች እናት | ግንቦት 20፣ ማታ

እህቴ፣ ምን እንደምል ልንገርሽ። እኔ ብሆን ደብዳቤውን ከልጄ ቦርሳ አውጥቼ ዓይኔ ያርፍ የነበረው 7,200 ላይ ነው። ባለፈው ወር 2,400 ከፍያለሁ፣ አሁን 7,200 ይላል፣ በቃ ሦስት እጥፍ ጨመሩብን ነው የምለው። «በየተርሙ» የሚለውን የማየው ከደነገጥኩ በኋላ ነው። ለእህቴ ደውዬ፣ በክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «7,200 ገባ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ማለት ነው።

ቃል ማለስለስ እዚህ ላይ አይረዳሽም። ደብዳቤው የድሮውን ዋጋ አንድም ቦታ ላይ አላነሳም እኮ።

ቤተልሔም አካባቢ ያለ ወላጅ | ግንቦት 20፣ ማታ

የእኛ ትምህርት ቤት ያለ ምንም ስብሰባ ጨምሮብናል። እንዲህ ማድረግ ይችላሉ? የት ነው የሚከሰሰው? እዚህ የተጻፈው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ስብሰባ የሚባል ነገር አላየሁም፣ ሁላችሁም አንድ ናችሁ።

የሠላሳ ዓመት መምህር (ጡረተኛ ርዕሰ መምህር) | ግንቦት 21፣ ጠዋት

ወንድሜ፣ የአንተ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ባጭሩ ልመልስልህ። መጀመሪያ የትምህርት ቤታችሁን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ማለትም የወተመህን ኮሚቴ ጠይቅ፣ ስብሰባ ተደርጎ ከሆነ ቃለ ጉባኤው እነሱ ዘንድ አለ። ከሌለ ጥያቄህን በጽሑፍ አድርገህ የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን በክፍለ ከተማችሁ ወዳለው ቅርንጫፍ ውሰድ። በቃል ብቻ አቤት ካልክ ግን አንድም ነገር አይመዘገብልህም።

ሆኖም ሳታስበው ትልቅ ነገር ነግረሃታል። እህታችን ስብሰባ አድርጋለች፣ ደብዳቤዋ ግን አይናገርም። «ተወስኗል» ብሎ ያልፋል። ማን ወሰነ? መቼ? ማን ነበረ? ይህ ቃል ባለቤት የለውም። ወላጅ ደግሞ ባለቤት የሌለው ውሳኔ ሲያይ ከጀርባው የተሠራ ነገር ያለ ይመስለዋል።

ወደ ደብዳቤው ልምጣ። እዚህ ውስጥ ሁለት ለውጦች አሉ፦ አንደኛው የገንዘቡ መጠን፣ ሁለተኛው የሚከፈልበት ጊዜ። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለጨመቅሻቸው አንዱ ሌላውን አሳበጠው። እናትየዋ ያለችው ልክ ነው። ጭማሪው ብቻ ቢለይ ከ2,400 ወደ 2,880 ነው፣ በወር 480 ብር። በዓመት ከ24,000 ወደ 28,800። ይህን ያየ ወላጅ ቅር ሊለው ይችላል፣ ግን ሦስት እጥፍ ሆነ አይልም። ከዚያ ቀጥሎ፣ በሌላ አንቀጽ፣ «ይኸው 28,800 ብር በአሥር ክፍያ መሆኑ ቀርቶ በአራት ይከፈላል፣ አንዱ ክፍያ የሁለት ወር ተኩል ሲሆን 7,200 ብር ነው» ይባላል። አዲሱና የድሮው ሁልጊዜ በአንድ መስፈሪያ ይሰፈሩ። ወር ከወር፣ ዓመት ከዓመት።

የትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ | ግንቦት 21፣ ጠዋት

በሒሳብ ክፍል የምሠራ ነኝ። በአራት ዙር መሰብሰብ ለትምህርት ቤቱ በጣም ጥሩ ነው፣ አጥብቀሽ ያዢው። እኛ ጋ በወር ስንሰበስብ ከወሩ እስከ 20 ድረስ ደረሰኝ መቁረጥና ያልከፈለ ወላጅ ጋ መደወል ነበር ሥራችን። ከሁሉ በላይ ደግሞ የክረምቱን ችግር ይፈታል። ሐምሌና ነሐሴ ክፍያ የለም፣ የመምህራን ደመወዝ ግን አለ። በተርም ስትሰበስቢ ገንዘቡ ቀድሞ ስለሚገባ ለክረምቱ ይተርፋል። ቅጣቱንም አትንኪው፣ ያለ ቅጣት ማንም በጊዜ አይከፍልም። ከፈለግሽ ዓመቱን ባንዴ ለሚከፍል 5 በመቶ ቅናሽ ጨምሪበት።

የሠላሳ ዓመት መምህር | ግንቦት 21፣ ከሰዓት

ስለ ደረሰኙና ስለ ስልኩ ያልከው እውነት ነው፣ እኔም አይቼዋለሁ። የክረምቱ ነገር ግን እንዳልከው አይደለም። በአሥር ወርም ይሰብሰብ በአራት ዙር፣ በዓመት የሚገባው ያው 28,800 ነው፣ የመጨረሻውም ብር ከክረምቱ በፊት ይገባል። ገንዘብ ቀድሞ ስለገባ አይተርፍም። ቀድሞ የገባ ገንዘብ ካልተለየ ቀድሞ ያልቃል። እኔ ራሴ በአንድ ዓመት መስከረም ላይ ሣጥኑ ሞልቶ ሳይ አሥር ኮምፒውተር አስገዝቼ፣ ነሐሴ ላይ የመምህራን ደመወዝ አሥራ ሁለት ቀን አዘግይቻለሁ። የዚያን ወር የጥበቃው ሠራተኛ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ የቤት ኪራዬ ደርሷል» ያለኝ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የዓመቱ ገንዘብ ለ12 ወር ይበቃ ከተባለ 28,800 ለ12 ሲካፈል 2,400 ነው። የክረምቱ ሁለት ወር ድርሻ 4,800 ይሆናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ 7,200 ላይ 1,200 ብር በገባበት ቀን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ይዛወር፣ አራት ጊዜ ሲሆን 4,800 ሞላ። ይህ ካልተደረገ አከፋፈሉን መቀየር ብቻውን ክረምቱን አያሻግርም። እህቴ፣ ይህንን ለወላጅም ንገሪው። ብዙ ወላጅ «ልጄ በማይማርበት ወር አልከፍልም» ሲል፣ መምህሩ በዚያ ወር እንደሚከፈለው አስቦት አያውቅም።

ስለ ቅጣቱ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዛሬ የሚያዘገይ ወላጅ 10 በመቶ ሲቀጣ ስንት ብር ነው?

ርዕሰ መምህርት | ግንቦት 21፣ ማታ

240 ብር ጋሼ።

…አሁን ገባኝ። ከ7,200 ላይ 720 ይሆናል። በመቶኛው አልተነካም ብዬ ቅጣቱን ሦስት እጥፍ አድርጌዋለሁ ማለት ነው። በእውነት አላየሁትም ነበር።

የሠላሳ ዓመት መምህር | ግንቦት 21፣ ማታ

አዎ። ደግሞም ቅጣት በደብዳቤ ላይ ስለተጻፈ ብቻ አይጸናም። ወላጁ በምዝገባ ቀን የሚፈርመው ውል ላይ መኖር አለበት። ውሉ የድሮው ሆኖ ደብዳቤው አዲስ ከሆነ፣ የተጣላችሁ ቀን ወላጁ ውሉን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አዲሱ የምዝገባ ውልና ደብዳቤው ቃል በቃል አንድ ይሁኑ።

የሁለት ልጆች እናት | ግንቦት 21፣ ማታ

እኔ ደግሞ ነሐሴ 25 ላይ ነው የተጣበቅሁት፣ ስለዚህ ማንም እስካሁን አላነሳም።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የነሐሴ ደመወዜ በወሩ መጨረሻ ይገባል። ከዚያ ጳጉሜን አለች፣ ለጳጉሜን ደመወዝ የለም። ቀጣዩ ደመወዜ የመስከረም መጨረሻ ነው። አንዱን ደመወዝ 35 ቀን ነው የምበላው፣ በዚያ ላይ እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ከዓመቱ ወራት ሁሉ ኪሳችን የሚራቆተው ያኔ ነው። አንቺ ደግሞ ትልቁን ክፍያ ያመጣሽው እዚያች ላይ ነው፣ ነሐሴ 25 ደመወዝ ራሱ ያልገባለት አለ።

በእኔ ሒሳብ ላሳይሽ። የእናንተ የመመዝገቢያ ስንት እንደሆነ አላውቅም፣ የእኔ ልጆች ጋ 1,500 ነው። በድሮው አከፋፈል ለሁለት ልጅ በዓመቱ መጀመሪያ 7,800 ብር ይበቃኛል፣ መመዝገቢያና የአንድ ወር። በአንቺ ደብዳቤ 17,400 ነው። ጭማሪው 20 በመቶ ነው ትሉኛላችሁ፣ እኔ ግን በዚያች ሳምንት 9,600 ብር ተጨማሪ ከየት አመጣለሁ? እቁቤ በዚያ ወር ካልደረሰኝ መበደር ነው። ሐምሌ ላይ ብትነግሪኝ ደግሞ እቁብ መቀያየሪያ ጊዜ እንኳን አይኖረኝም። ግንቦት ላይ መጻፍሽ ጥሩ ነው፣ ቀኑ ግን ይለወጥ።

አጎት (ሜሪላንድ) | ግንቦት 22፣ ሌሊት

ከዚህ ሆኜ የእህቴን ልጆች የማስተምር ነኝ። ሁለት ነገር ልበል። «ተርም» ስትሉ እኔ በዓመት ሦስት ጊዜ ነው የመሰለኝ። እዚህ ቀኖቹን ቆጥሬ ነው አራት መሆኑን ያወቅሁት። አዲስ አበባም ቢሆን በሰሚስተር የለመደ ወላጅ ሁለት ሊለው ይችላል። «በዓመት አራት ጊዜ» ብላችሁ ጻፉት።

ሁለተኛው፣ ባለፈው ዓመት በባንክ ያስገባሁት ገንዘብ ትምህርት ቤቱ አልደረሰኝም ብሎ የእህቴ ልጅ ደብዳቤ ተሰጥቶት ወደ ቤት ተላከ። ገንዘቡ ገብቷል። ግን ያስገባው ጓደኛዬ ስለነበረ ደረሰኙ ላይ ያለው የእሱ ስም ነው፣ የልጁ ስም የትም የለም። ሒሳብ ክፍል ከማን ጋር ያገናኘው? ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፣ በጓደኞቹ ፊት ተጠርቶ ሲወጣ የተሰማውን በስልክ ሲነግረኝ ነው የሰማሁት። ይህ ነገር ደብዳቤው ላይ ቢጻፍ እንዴት ጥሩ ነበር። ቀኖቹንም በፈረንጅ ጨምሩልን፣ ብዙዎቻችን ደመወዛችን በዚያ ነው።

የትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ | ግንቦት 22፣ ጠዋት

የክረምቱን ነገር ጋሼ እንዳሉት ነው፣ እኛ ጋም ለብቻ የሚቀመጥ ሒሳብ የለንም፣ አለቃዬን እነግራለሁ። የአጎት ችግር ግን በየቀኑ ነው የሚያጋጥመን። መፍትሔው የተማሪው መለያ ቁጥር ነው። በንግድ ባንክም በቴሌብርም ሲላክ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥሩ ይጻፍ። ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ ልጅ ሦስት ዓይነት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ በዚያ ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሞክሼ አይጠፋም። ቁጥሩ ደብዳቤው ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ በእጅ ተሞልቶ ይሰጥ።

ቀኑን በተመለከተ የመንግሥት ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ አካባቢ፣ አንዳንድ ድርጅት ደግሞ በፈረንጅ ወር መጨረሻ ይከፍላል። መስከረም 30 በፈረንጅ የእኛ መስከረም 20 ነው። ስለዚህ መስከረም 25 ብትሉት ብዙ ሰው ደመወዝ ይዞ ይደርሳል።

የሁለት ልጆች እናት | ግንቦት 22፣ ጠዋት

መስከረም 25 ይሻላል። ግን የእኔ ደመወዝ አንዳንዴ 27 ነው የሚገባው። አምስት ቀን የምሕረት ጊዜ ቢኖርስ?

ልጄን ያስወጣሁ አባት | ግንቦት 22፣ ከሰዓት

የኔን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ሥራ ስለቀየርኩ ወደ ሐዋሳ ስንሄድ የአንድ ተርም ክፍያ ከፍዬ ልጁ የተማረው አምስት ሳምንት ብቻ ነበር። የቀረውን መልሱልኝ ብል «ተመላሽ የለም» አሉኝ። የት ተጽፏል ብላቸው የትም አልተጻፈም። በወር በሚከፈልበት ጊዜ ይህ ችግር አልነበረም። በተርም ከተከፈለ ግን አደጋው ሁሉ በወላጁ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ የምትጽፉ ሁሉ አስቡበት።

ርዕሰ መምህርት | ግንቦት 23፣ ማታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከባለቤቱና ከወተመህ ሰብሳቢው ጋር ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ባለቤቱ ስለ ተመላሽ ክፍያ መጀመሪያ እሺ አላለም ነበር፣ «አንድ ልጅ ሲወጣ የመምህሩ ደመወዝ አይቀንስም» አለ፣ እሱም እውነት አለው። በመጨረሻ 15 ቀን ቀድሞ ለሚያሳውቅ፣ ላልተጀመሩ ሙሉ ወራት ይመለስ በሚለው ተስማማን። የቅጣቱን ጉዳይ በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ 240 ብር፣ እንደ ድሮው፣ አደረግነው። ከስብሰባው ቃለ ጉባኤም ቁጥሩን አወጣሁ። ሁለተኛው ረቂቅ ይኸው፦

> ቁጥር፦ ________ ቀን፦ ግንቦት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለተማሪ ______________ ክፍል ______ መለያ ቁጥር ________ ወላጅ/አሳዳጊ
>
> ጉዳዩ፦ የ2019 የትምህርት ዘመን ክፍያ መጠንና የመክፈያ ጊዜ መለወጡን ስለማሳወቅ
>
> ግንቦት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በተደረገው ስብሰባ 186 ወላጆች ተገኝተው ስለ መጪው ዓመት ክፍያ ተወያይተዋል። 121 ወላጆች የቀረበውን ሐሳብ ደግፈዋል፣ 65 ወላጆች ተቃውመዋል። የተቃወሙት ወላጆች ያነሱት ዋና ነጥብ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ መብዛቱን ሲሆን፣ ከዚህ በታች ያሉት የመክፈያ ቀናት የተስተካከሉት ይህንኑ በማሰብ ነው። ቃለ ጉባኤው ለሚመለከተው የባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ቀርቧል፣ ማየት የሚፈልግ ወላጅ በጽሕፈት ቤታችን ማየት ይችላል።
>
> የክፍያው መጠን። እስካሁን በወር 2,400 ብር፣ በዓመት 24,000 ብር ነበር። በ2019 በወር 2,880 ብር፣ በዓመት 28,800 ብር ይሆናል። ጭማሪው በወር 480 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 330 ብሩ ለመምህራንና ለሠራተኞች ደመወዝ ማስተካከያ፣ 90 ብሩ ለሕንፃ ኪራይ ጭማሪ፣ 60 ብሩ ለጽዳት፣ ለውኃና ለመማሪያ ቁሳቁስ ይውላል። የዓመቱ ክፍያ ሐምሌንና ነሐሴን ጨምሮ የ12 ወር ደመወዝ የሚሸፍን መሆኑን እንገልጻለን።
>
> የመክፈያው ጊዜ። ይኸው 28,800 ብር በአሥር ወር መከፈሉ ቀርቶ በዓመት አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 7,200 ብር ይከፈላል። አንዱ ክፍያ የሁለት ወር ተኩል ነው። የመጨረሻ ቀናቱ መስከረም 25 (ኦክቶበር 5)፣ ኅዳር 25 (ዲሴምበር 4)፣ የካቲት 10 (ፌብሩወሪ 17) እና ሚያዝያ 25 (ሜይ 3) ናቸው። ነሐሴ ላይ በምዝገባ ጊዜ የሚከፈለው የመመዝገቢያ ብቻ ነው።
>
> አከፋፈል። ክፍያው በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ይፈጸማል። ከፋዩ ማንም ቢሆን ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ከላይ ያለው የተማሪው መለያ ቁጥር ይግባ። ከመጨረሻው ቀን በኋላ አምስት ቀን ያለ ቅጣት እንጠብቃለን፣ ከዚያ በኋላ 240 ብር ይታከላል። በክፍያ ምክንያት ተማሪ ከክፍል አይጠራም፣ የምናነጋግረው ወላጁን ነው።
>
> ትምህርት ቤት የሚቀይር ተማሪ። ወላጅ 15 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ለተከፈለባቸውና ላልተጀመሩ ሙሉ ወራት በወር 2,880 ብር ሒሳብ ይመለሳል።
>
> በአራት ጊዜ መክፈል የሚቸግረው ወላጅ እስከ ሰኔ 20 ድረስ በጽሕፈት ቤታችን ቀርቦ ቢያነጋግረን፣ በወር የሚከፍልበትን ሁኔታ በጽሑፍ እንስማማለን።
>
> ከሰላምታ ጋር
>
> (ፊርማና ማኅተም)
>
> ግልባጭ፦ ለወተመህ ኮሚቴ፣ ለሒሳብ ክፍል

የሠላሳ ዓመት መምህር | ግንቦት 23፣ ማታ

ይህ ደብዳቤ ነው። 65 ሰው ተቃውሟል ብለሽ መጻፍሽ ድፍረት ይጠይቃል፣ ደግ አደረግሽ። ያልተስማማ ሰው «ወላጆች ተስማምተዋል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው የሚቆጣው ከጭማሪው ይልቅ በዚያ ነው።

የመጨረሻዋን አንቀጽ ግን እፈራላታለሁ። ለቸገረው ሁሉ በወር መክፈል ክፍት ነው ካልሽ፣ ግማሹ ወላጅ ይመጣል። ያኔ በአራት ዙር መሰብሰብ የሚባለው ነገር ይቀራል፣ ሒሳብ ክፍልሽም ሁለት ዓይነት መዝገብ ይይዛል።

የሁለት ልጆች እናት | ግንቦት 23፣ ማታ

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህች አንቀጽ ትቅር ካሉ እኔ ከእርስዎ ጋር አልስማማም። ግማሹ ወላጅ ከመጣ እኮ ግማሹ ወላጅ አልቻለም ማለት ነው። ይህን ከመስከረም በፊት ማወቅ ይሻላል ወይስ በኋላ?

የትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ | ግንቦት 23፣ ማታ

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ከጋሼ ጋር ነኝ። ሁለት መዝገብ መያዝ ስሕተት ያመጣል። ቢያንስ በሰው ቁጥር ተወስኖ፣ ወይም ሁለት ልጅና ከዚያ በላይ ላለው ብቻ ቢሆን።

ልጄን ያስወጣሁ አባት | ግንቦት 23፣ ሌሊት

አንድ ልጅ ያለው ድሃስ?

ርዕሰ መምህርት | ግንቦት 24፣ ጠዋት

በዚህኛው ነጥብ እኔም ልቤ ተከፍሏል። ለጊዜው አንቀጿን እተዋታለሁ፣ እስከ ሰኔ 20 ስንት ሰው እንደሚመጣ አይቼ እነግራችኋለሁ። ከመቶ ወላጅ ሃያ ከመጣ መዝገቡን እንችለዋለን። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ምን እንደማደርግ ገና አላውቅም።

ቤተልሔም አካባቢ ያለ ወላጅ | ግንቦት 24፣ ጠዋት

መጀመሪያ የተናገርኩትን ይቅር በሉኝ፣ ተናድጄ ነበር። የወተመህ ሰብሳቢውን ጠየቅሁ፣ ስብሰባ ተደርጓል፣ ጥሪው የተላከው ግን በልጆች እጅ ስለሆነ ለብዙዎቻችን አልደረሰንም። የእናንተም ደብዳቤ በልጅ ቦርሳ ብቻ እንዳይቀር። እኔ በቴሌግራም አንድ መስመር ቢደርሰኝ ኖሮ እሄድ ነበር።

አጎት (ሜሪላንድ) | ግንቦት 24፣ ማታ

የፈረንጅ ቀኑ ስለተጨመረ አመሰግናለሁ። ግን እዚህ ግድግዳዬ ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ሳይ አንድ ነገር አየሁ። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፣ ሜይ 2። አራተኛው ክፍያችሁ የሚያልቀው በማግሥቱ ነው። በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤ የተገዛበት ሳምንት ነው፣ ባንክም ቢሆን በስቅለትና በፋሲካ ዝግ ነው።

የሁለት ልጆች እናት | ግንቦት 24፣ ማታ

ወይ ጉድ! እኔም አላየሁትም። ሁለት ወር ሙሉ ጾመን ያለችውን ብር ለትምህርት ቤት ልንሰጥ ነበር።

ርዕሰ መምህርት | ግንቦት 24፣ ማታ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልን። ማተሚያ ቤት ነገ ጠዋት ነበር የምልከው። አራተኛውን ግንቦት 5 አደረግሁት፣ በፈረንጅ ሜይ 13። የሚያዝያ ደመወዝ ለገባለት ሁሉ ይደርሳል። ሌሎቹን ቀኖችም ከካላንደሩ ጋር እንደገና አስተያየኋቸው፣ በዓል ላይ የወደቀ የለም። የቴሌግራም መልእክቱንም ከደብዳቤው ጋር በአንድ ቀን እንለቀዋለን፣ 7,200 ብሎ ሳይሆን «ከ2,400 ወደ 2,880» ብሎ የሚጀምር።

ደብዳቤው ሐሙስ በልጆቹ እጅ ይወጣል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ክፍት አድርጌ ቢሮ እቀመጣለሁ።